ባቄላው ለአፈሩ ስንት ተወለት? ሰብል ማፈራረቅን በአንድ ማሳ ሒሳብ ማስተማር

ለኤክስቴንሽን ሠልጣኞች ስለ ሰብል ማፈራረቅ የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ «ጥራጥሬ ከአየር ናይትሮጅን ይይዛል፤ ስለዚህ አፈሩን ያለማል።» እኔም ለዓመታት እንዲህ እያልኩ አስተምሬአለሁ። አንድ ቀን በተግባር ልምምድ ላይ አንዲት ሠልጣኝ «መምህር፣ ይህ ማሳ አምና ባቄላ ነበር፤ ታዲያ ስንዴው ለምን ቢጫ ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። የሰጠኋት መልስ እኔንም አላሳመነኝም። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ከሥሩ ለወጥኩት። አሁን የማስተምረው በአንድ ሄክታር ማሳ ላይ ናይትሮጅን ከየት እንደገባ፣ በምን እንደወጣና ምን እንደቀረ በማስቆጠር ነው። እንዴት እንደማደርገው ቅደም ተከተሉን ጠብቄ ልንገራችሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል፤ ዝግጅቱ ግን ከአራት ሳምንት በፊት ይጀምራል።

ከአራት ሳምንት በፊት፦ ሦስት ማሰሮ

እኩል መጠን ያላቸው ሦስት ማሰሮዎች አዘጋጁና በእያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎ አፈር አድርጉ። አፈሩ ከአንድ ቦታ የመጣ፣ በደንብ የተደባለቀና በቅርብ ማዳበሪያ ያላየ ይሁን። አንደኛውን እንዳለ ተዉት። በሁለተኛው ውስጥ በጣት ጥፍር ልክ የተቆራረጠ ደረቅ የስንዴ ገለባ አሥር ግራም ቀላቅሉ። በሦስተኛው ደግሞ ያንኑ ያህል ደርቆ የተቆራረጠ የባቄላ ለጋ ቅጠልና ቀንበጥ ጨምሩ። በሦስቱም አሥር አሥር የስንዴ ፍሬ ዝሩ፤ ውኃ እኩል አጠጡ፤ አንድ ዓይነት ብርሃን ያግኙ።

በሁለተኛው ማሰሮ ያለው ስንዴ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይገረጣል፤ ሦስተኛው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሆናል። የገለባው መጠን ማሳ ላይ ከሚገባው እጅግ የበዛ ነው። ልዩነቱ ለዓይን ጎልቶ እንዲታይ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ለሠልጣኞች ንገሯቸው። ማሰሮዎቹን በክፍሉ ጥግ ሸፍናችሁ አስቀምጡ፤ ተራቸው እስኪደርስ አታሳዩ።

በዕለቱ ጠዋት፦ ሥሩን ማውጣት

ትምህርቱ ባቄላ በሚያብብበት ወቅት ቢሆን ይመረጣል። ሠልጣኞቹ ራሳቸው ይቆፍሩ። ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ርቀው፣ አካፋውን ሃያ ሳንቲ ሜትር አስገብተው፣ ተክሉን ከነአፈሩ ያንሱት። በእጅ ከተነቀለ የሥሩ እባጮች (ኖዱል የምንላቸው) አፈር ውስጥ ተበጥሰው ይቀራሉ፤ «ኖዱል የለውም» የሚል የተሳሳተ ውጤት የሚመጣውም በአብዛኛው ከዚህ ነው። ጓሉን ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ነክሩት፤ ከዚያ በቀስታ እጠቡት።

አሁን ምላጭ አውጡና ትልልቆቹን ኖዱሎች ለሁለት ሰንጥቁ። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው ሌግሄሞግሎቢን የሚባል፣ ከደማችን ቀይ ንጥረ ነገር ጋር የሚዛመድ ፕሮቲን ነው። በኖዱሉ ውስጥ ያሉት ራይዞቢየም ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን የሚይዙበት ኤንዛይም ኦክስጅን ሲበዛበት ይበላሻል፤ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ግን ለመተንፈስ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ይህ ፕሮቲን ኦክስጅኑን ይዞ እየመጠነ ይሰጣቸዋል። ነጭ ሆኖ የተገኘ ኖዱል ወይ ገና አልደረሰም ወይ ደካማ ባክቴሪያ ነው የያዘው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ የሆነው ጊዜው አልፎበታል። ለዚህ ነው ፍሬው ከሞላ በኋላ ቆፍሮ መፍረድ የማይገባው፤ በዚያን ጊዜ ጤነኛው ተክል እንኳ ኖዱሉን ማርጀት ይጀምረዋል።

ከማሳው ከተለያየ ቦታ አሥር ተክል ይውጣ። ቀይ ኖዱል ያላቸው ስንት እንደሆኑ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ይህ ቁጥር ቀጥሎ ለምንሠራው ሒሳብ መግቢያ ነው፤ ሒሳቡ በሙሉ የቆመው ኖዱሉ ይሠራል በሚለው ላይ ነውና።

ሒሳቡን በበቆሎ ፍሬ ማስቆጠር

ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳህን አስቀምጡ። በአንዱ ላይ «አየር»፣ በሁለተኛው «አፈር»፣ በሦስተኛው «ከማሳ የወጣ» ብላችሁ ጻፉ። ከጎናቸው ክዳን ያለው ማሰሮ ይኑር፤ እሱን «ጎተራ» በሉት። አንድ የበቆሎ ፍሬ አምስት ኪሎ ናይትሮጅን ነው።

መጀመሪያ ጎተራውን ሙሉ። በአንድ ሄክታር ላይ እስከ ሃያ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር 2,600 ቶን ገደማ ይመዝናል። ሁለት በመቶው ብስባሽ (ኦርጋኒክ ቁስ) ቢሆን፣ ከብስባሹ ደግሞ አምስት በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ስለሆነ፣ 2,600 ኪሎ ናይትሮጅን በአፈሩ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ 520 ፍሬ። ሠልጣኞች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ማዳበሪያ ለምን ያስፈልጋል?» ማለታቸው አይቀርም። ጥያቄው እንዲመጣ ጠብቁ፤ ካልመጣም እናንተው አንሱት። መልሱ ክዳኑ ላይ ነው። ይህ ናይትሮጅን በብስባሹ ውስጥ ታስሮ የተቀመጠ ነው፤ ተክል በዚህ መልኩ ሊወስደው አይችልም። ጥቃቅን ተሕዋስያን ብስባሹን እየበሉ ወደ አሞንየምና ናይትሬት የሚቀይሩት በዓመት ከአንድ እስከ ሦስት በመቶ የሚሆነውን ብቻ ነው። ሁለት በመቶ እንበልና 52 ኪሎ፣ ማለትም አሥር ፍሬ ከጎተራው አውጥታችሁ «አፈር» የሚለው ሳህን ላይ አድርጉ። ዘንድሮ ለሰብል የተከፈተው ይኸው ነው።

አሁን ባቄላውን እንዝራ። ሁለት ቶን ፍሬ የሰጠ ማሳ እንውሰድ። የባቄላ ፍሬ ከክብደቱ አራት በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው፤ ስለዚህ በፍሬው ውስጥ 80 ኪሎ አለ። ሦስት ቶን ገለባው አንድ በመቶ ቢይዝ 30 ኪሎ ይሆናል። ሥሩ፣ ኖዱሉና የረገፈው ቅጠል 40 ኪሎ ይዘዋል እንበል። በድምሩ 150 ኪሎ፣ ሠላሳ ፍሬ ነው። ኖዱሉ በደንብ የሚሠራ ባቄላ ከዚህ ውስጥ ሰባ በመቶ ገደማ ከአየር ያገኛል። አንድ ሠልጣኝ ተነሥቶ ከ«አየር» ሳህን 21 ፍሬ፣ ከ«አፈር» ሳህን 9 ፍሬ ያንሳና እፍኙ ውስጥ ይያዝ። ባቄላው እሱ ነው።

ከዚያ እናጭዳለን። 16ቱ የፍሬው ድርሻ ስለሆነ «ከማሳ የወጣ» ላይ ይሂድ። የሥሩ 8 ወደ ጎተራው ይመለስ። በሠልጣኙ እጅ የቀሩት ስድስት ፍሬዎች ገለባው ናቸው። እዚህ ላይ ቆም በሉና ለክፍሉ «ገለባው የት ይሂድ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትምህርቱ ሁሉ እዚህች ጥያቄ ላይ ነው የሚዞረው።

ገለባው ማሳው ላይ ከቀረ፣ ከአየር የገባው 21፣ የወጣው 16 ነው፤ ማሳው 5 ፍሬ፣ ማለትም 25 ኪሎ ናይትሮጅን አተረፈ። ገለባው ለከብት መኖ ከወጣ ግን የገባው 21፣ የወጣው 22 ነው፤ ማሳው 5 ኪሎ ከሰረ። ባቄላው ደግሞ በማጭድ ሳይታጨድ ተነቅሎ ከሆነ ከሥሩም የተወሰነው አብሮ ይወጣል፤ ግማሹ ቢወጣ ኪሳራው 25 ኪሎ ይደርሳል። የተዘራው አንድ ዓይነት ባቄላ ነው፣ ማሳውም ያው ነው፤ ሒሳቡን ከትርፍ ወደ ኪሳራ ያዞረው የአጨዳውና የገለባው ነገር ብቻ ነው። የዚያች ሠልጣኝ ጥያቄ መልሱ አንደኛው ክፍል ይህ ነበር።

ኖዱሉ ቢደክምስ? ከአየር የሚገኘው ወደ ሃምሳ በመቶ ቢወርድ ከአየር የሚመጣው 75 ኪሎ ብቻ ይሆናል፤ ያኔ ገለባው ተትቶ እንኳ ማሳው 5 ኪሎ ይከስራል። ጠዋት ሰሌዳ ላይ የጻፋችሁትን ቁጥር አሁን አስታውሷቸው። ኖዱልን የሚያደክሙት የታወቁ ናቸው፤ አፈሩ አሲዳማ መሆኑ፣ ፎስፈረስ ማነሱ፣ ማሳው ውኃ መቋጠሩ ወይም በተቃራኒው ድርቀት፣ እንዲሁም በአፈሩ ውስጥ ናይትሬት መብዛቱ። የመጨረሻው ሠልጣኞችን ያስገርማል፤ ነገር ግን ባክቴሪያዎቹን የሚቀልባቸው ተክሉ ነው፤ ናይትሮጅን ከአፈር በቀላሉ ካገኘ ስኳሩን ለእነሱ ማካፈሉን ይቀንሳል።

ሌላው ምክንያት ተስማሚው ባክቴሪያ በአፈሩ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ባቄላ፣ አተርና ምስር የሚጋሩት የራይዞቢየም ዓይነት አንድ ነው፤ ሽምብራና አኩሪ አተር የየራሳቸውን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ለአኩሪ አተር የተዘጋጀ ሕያው ማዳበሪያ ለባቄላ አይሆንም። ዘር ሲቀባ በጥላ ሥር ይሁን፤ በዚያው ቀን ይዘራ፤ ከኬሚካል ማዳበሪያ ጋር አይደባለቅ። ባክቴሪያው ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ፀሐይና ጨው ይገድሉታል።

«ከከሰረ ታዲያ ለምን እናፈራርቃለን?»

ይህ ጥያቄ ካልተነሣ ክፍሉ አልተከተላችሁም ማለት ነው። መልሱ የሚገኘው በዚያው ማሳ ላይ ስንዴ በመዝራት ነው። ሳህኖቹን ወደ መጀመሪያው ሁኔታ መልሱ፤ አፈሩ ላይ አሥር ፍሬ ይሁን።

ሦስት ቶን ስንዴ በፍሬው 60 ኪሎ፣ በአራት ቶን ገለባው 20 ኪሎ፣ በሥሩ 15 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይፈልጋል። በጠቅላላ 19 ፍሬ ማለት ነው። «አየር» የሚለውን ሳህን መንካት አይፈቀድለትም። አፈሩ ላይ ያለው አሥር ብቻ ስለሆነ ዘጠኝ ፍሬ ይጎድለዋል። ወይ ከማዳበሪያ ይመጣል፣ ወይ ምርቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ምርቱ ወርዶ እንኳ፣ ገለባው ከወጣ፣ 40 ኪሎ ገደማ ይዞ ይሄዳል።

እንግዲህ አነጻጽሩ። ገለባው የወጣበት ባቄላ ማሳውን 5 ኪሎ አከሰረው፤ ማዳበሪያ ያላገኘ ስንዴ 40 ኪሎ አከሰረው። ባቄላው አፈሩን ባያበለጽገውም የራሱን ቀለብ በአብዛኛው ከውጭ ስላመጣ ከአፈሩ ብዙም አልበላም። ከባቄላ ቀጥሎ የተዘራ ስንዴ ከስንዴ ቀጥሎ ከተዘራው የሚሻለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ከናይትሮጅን ጋር አይገናኝም፤ የስንዴን ሥር የሚያበሰብሱ ፈንገሶች ባቄላ ላይ ስለማይኖሩ አንድ ዓመት ሳይመገቡ ሲቀሩ ይመናመናሉ። እንደ ሲናር ያለው ሣር መሰል አረምም በስንዴ መሐል ለመለየት ቢያስቸግርም በባቄላ መሐል ወዲያው ይታወቃል። በተቃራኒው ባቄላም በራሱ ቦታ ቶሎ ቶሎ መመለስ የለበትም፤ የራሱ በሽታዎች ይጠብቁታል፤ ሦስት ወይም አራት ዓመት ቢቆይ ጥሩ ነው።

የቀረው መቼ ነው የሚበላው?

ሠልጣኞች አሁን ገለባው ከተተወ የሚቀጥለው ስንዴ 25 ኪሎውን በሙሉ የሚያገኘው ይመስላቸዋል። አይደለም። በገለባውና በሥሩ ውስጥ የቀረው 70 ኪሎ መጀመሪያ በተሕዋስያን መበላት አለበት፤ የሚቀጥለው ሰብል በአብዛኛው የሚያገኘው ከዚህ ከአሥር እስከ ሠላሳ በመቶ የሚሆነውን ነው። ሃያ በመቶ ብንወስድ 14 ኪሎ ይሆናል፤ ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ በሠላሳ ኪሎ ዩሪያ ውስጥ ካለው ጋር የተስተካከለ ነው። የተረፈው ወደ ጎተራው ይገባና በሚቀጥሉት ዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል። አንድ የኤክስቴንሽን ባለሙያ «ባቄላ ስለነበረ ዩሪያ አያስፈልግም» ብሎ ሲመክር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥቂት ይቀነስ ይባላል እንጂ ይቅር አይባልም።

አሁን ማሰሮዎቹን ግለጡ።

ክፍሉ ለጥቂት ደቂቃ በቅርብ ይያቸው። በሁለተኛው ማሰሮ ውስጥ ቢጫ የሆነው የትኛው ቅጠል እንደሆነ ይናገሩ፤ የታችኛው፣ አሮጌው ቅጠል ነው፤ ከጫፉ ጀምሮ ወደ መሐል ይገረጣል። ተክሉ ናይትሮጅን ሲያጣ ከአሮጌው ቅጠል እያነሣ ለአዲሱ ይሰጣል። ቢጫነቱ ከላይ፣ ከለጋው ቅጠል ቢጀምር ኖሮ ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ የሰልፈር እጥረት፣ መጠርጠር ነበረብን።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በስንዴ ገለባ ውስጥ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ሰማንያ እጅ ያህል ካርቦን አለ። ገለባውን የሚበሉት ተሕዋስያን ግን የሚስማማቸው ለአንድ ናይትሮጅን ሃያ አምስት ካርቦን ገደማ ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ጉልበቱ ሞልቷቸው ናይትሮጅን ይጎድላቸዋል፤ ስለዚህ የጎደላቸውን ከአፈሩ ይወስዳሉ፤ ከስንዴው ጋር ይሻማሉ፤ ሁልጊዜም ይቀድሙታል። ገለባው አልቆ እነሱ መሞት ሲጀምሩ የወሰዱትን ይመልሳሉ፤ ነገር ግን ለዚያ ስንዴ ሊዘገይበት ይችላል። የባቄላው ለጋ ቅጠል ለአንድ ናይትሮጅን ካርቦኑ አሥራ አምስት ገደማ ስለሆነ ትርፉ ወዲያው ለተክሉ ተለቀቀ። የደረቀው የባቄላ ገለባ ደግሞ በሁለቱ መሐል ነው፤ ከሠላሳ እስከ አርባ ይደርሳል፤ አይጎዳም፣ ግን አይቸኩልም።

ስለዚህ የስንዴ ገለባ አፈር ውስጥ የሚገባ ከሆነ ከዘር በፊት ሳምንታት ቀደም ብሎ ይግባ፤ ወይም ከተዘራ በኋላ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ናይትሮጅን ይጨመርለት፤ ወይም ማሳው ላይ እንደ ጉዝጓዝ ሳይቀበር ይቀመጥ። ያልተቀበረ ገለባ የሚነካው የአፈሩን ገጽ ብቻ ስለሆነ ሽሚያው ያን ያህል አይከፋም። ማሳው በሁለት ሰብል መካከል ባዶ ሆኖ ኃይለኛ ዝናብ ከመጣ ደግሞ የተለቀቀው ናይትሬት ከሥር በታች ታጥቦ ይወርዳል፤ ስንዴው ሲደርስ ሳህኑ ባዶ ነው።

ፎስፈረስና ፖታሲየም፦ ከአየር የማይመጡት

በዚህ ላይ ረጅም ጊዜ አላጠፋም፤ አንድ ነገር ብቻ እንዲገባቸው እፈልጋለሁ። ቀይ ቦሎቄ ወይም ሌላ ቀለም ያለው ፍሬ አምጡና ፎስፈረስ በሉት። «አየር» የሚለውን ሳህን ገልብጡት፤ ለፎስፈረስ አየር የለም። ሁለት ቶን ባቄላም ሆነ ሦስት ቶን ስንዴ በፍሬው ብቻ አሥር ኪሎ ገደማ ፎስፈረስ ይዞ ይወጣል። ሁለቱ እየተፈራረቁ አራት ዓመት ቢሄዱ አርባ ኪሎ ወጥቷል፤ ምንም አልገባም። ማፈራረቅ ይህን አይጠግንም፤ ፍግ፣ ኮምፖስት ወይም ማዳበሪያ መግባት አለበት። ፍጉም ቢሆን መኖው ከዚያው ማሳ ከሆነ የወጣውን ከፊል መለሰ እንጂ አዲስ አላመጣም። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን፣ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ፣ የገባውንም ፎስፈረስ አሉሚኒየምና ብረት ይይዙታል፤ የባቄላው ኖዱልም ይዳከማል። በእንዲህ ያለ ማሳ ላይ ከማፈራረቅ በፊት የኖራ ነገር ይነሣል።

ፖታሲየም ደግሞ ከፍሬው ይልቅ በገለባው ውስጥ ይበዛል። አራት ቶን የስንዴ ገለባ 50 ኪሎ ገደማ ሲይዝ የሦስት ቶን ፍሬው 13 ኪሎ ገደማ ይይዛል። «ገለባው የት ይሂድ?» የሚለው ጥያቄ እዚህም ተመልሶ መጣ።

መዝጊያው ልምምድ

ሠልጣኞቹን በአራት በአራት ከፍሉና ለእያንዳንዱ ቡድን የበቆሎ ፍሬና ይህን ታሪክ ስጡ። አንድ አርሶ አደር አምና ሁለት ቶን ባቄላ አግኝተዋል። ባቄላው ተነቅሎ በሙሉ ወደ አውድማ ሄዷል፤ ገለባውን ከብቶቻቸው በልተውታል፤ ፍጉ ለጓሮ አትክልት ውሏል። ዘንድሮ ስንዴ ሊዘሩ ነው። «ባቄላ ስለነበረ ዩሪያ ልተው?» ብለው ጠይቀዋል። ቡድኑ ሃያ ደቂቃ ወስዶ ሒሳቡን በፍሬ ይሥራ፤ ከዚያ አንዱ እንደ አርሶ አደሩ፣ ሌላው እንደ ባለሙያው ሆነው በክፍሉ ፊት ይነጋገሩ።

ስትገመግሙ ቁጥሩ 25 ኪሎ ኪሳራ መድረሱን ብቻ አትዩ። ባለሙያ ሆኖ የቀረበው ሠልጣኝ ከመምከሩ በፊት ምን ጠየቀ? «ሲያብብ ሥሩን ቆፍረው አይተውት ነበር? በማጭድ ነው ወይስ በመንቀል ያነሡት? ገለባው የት ደረሰ? ፍጉስ?» እነዚህን ሳይጠይቅ ወደ ዩሪያ መጠን የገባውን መልሱትና እንደገና ይጀምር። ምክሩ ራሱ አጭር ነው፦ ዩሪያውን አይተዉት፤ በሚቀጥለው ባቄላውን ነቅለው ሳይሆን ከመሬት ከፍ አድርገው ይጨዱት፤ ገለባው ለከብት የግድ ከሆነ ከፍጉ የተወሰነው ወደዚህ ማሳ ይመለስ። እንደ አርሶ አደር የተቀመጠው ሠልጣኝ «ፍጉን ከጓሮው ብቀንስ ጎመኑስ?» ብሎ ከጠየቀ ቡድኑ ሌላ ሳህን ይጨምርና የጓሮውንም ሒሳብ ይቁጠር።